ቅንፍ የደበቀው ምንጭ

በላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በትክል ድንጋይ ዙሪያ ስለነበረው የጉልት መሬት የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጥናት ወደ መጽሐፍ ሲለወጥ አርትዖቱ እኔ ዘንድ መጣ። ጥናቱ ምንጮቹን በቅንፍ፣ በደራሲ ስምና በዓመት ነበር የሚጠቅሰው። አሳታሚው ደግሞ ቁጥር ያለው የግርጌ ማስታወሻ ፈለገ። «የታይፒስት ሥራ ነው፣ ሁለት ቀን ይበቃዋል» ተባልኩ። አልበቃም። ለምን እንዳልበቃ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ቅንፍ ማንኛውንም ምንጭ ደራሲና ዓመት ያለው መጽሐፍ ያስመስለዋልና።

ለእውነተኛ መጽሐፍ ለውጡ ቀላል ነው። በቅንፍ «ክረሚ 2000» ተብሎ የተጠቀሰው የዶናልድ ክረሚ የመሬት ታሪክ፣ በመጀመሪያው ማስታወሻ ላይ ሙሉ ስሙ፣ ሙሉ ርእሱ፣ የታተመበት ቦታ፣ አሳታሚው፣ ዓመቱና ገጹ ይጻፍለታል። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ስሙ፣ አጭር ርእሱና ገጹ ይበቃሉ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የእኛ ስም ነው። በዋቢው ዝርዝር ውስጥ «ክረሚ፣ ዶናልድ» የሚለውን ገልብጦ የሚያስተካክል ሰው፣ በዚያው እጁ ታደሰ ታምራትን «ታምራት ታደሰ» ያደርገዋል፤ መጽሐፉንም ለአባት ይሰጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያውያንን ስሞች አስቀድሜ ለይቼ እንዳይነኩ ምልክት አደረግሁባቸው።

ዜና መዋዕል ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። በረቂቁ ውስጥ «ጊዲ 1903» የሚል ቅንፍ ተደጋግሞ ነበር። ኢኛሲዮ ጊዲ ግን አዘጋጅ እንጂ ደራሲ አይደለም። ያሳተመው የቀዳማዊ ዮሐንስን፣ የቀዳማዊ ኢያሱንና የበካፋን ዜና መዋዕል ነው። ኢያሱ የነገሠው ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. ሆኖ ሳለ አንባቢው 1903ን ሲያይ የሃያኛው ክፍለ ዘመን አስተያየት የሚያነብ ይመስለዋል። በማስታወሻው ውስጥ ዜና መዋዕሉ ይቀድማል፤ ጊዲ በአዘጋጅነት ይከተላል። ገጹም ቢሆን ያሳስታል። የግዕዙ ጽሑፍና የፈረንሳይኛው ትርጉም በተለያየ ጥራዝ ስለወጡ የአንዱ ገጽ 60 የሌላው ገጽ 60 አይደለም። ጸሐፊውን «የትኛውን ነው ያነበብከው?» ብዬ ጠየቅሁት። ትርጉሙን ነበር። ይህን ቅንፉ ጠይቆት አያውቅም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የመሬት ስጦታ መዝገብ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በወንጌል ወይም በሌላ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈ ነው፤ ርእስም የለውም። አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ብዙዎቹን ወሰደ። ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ አሉ። ረቂቁ ይህን ሁሉ «ብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት፣ ዓመት የሌለው» ብሎ ደራሲውን ቤተ መጻሕፍት አደረገው። እኔ ግን ስጦታው ለማን እንደተሰጠ፣ መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደነበር፣ ዛሬ የት እንዳለ፣ መለያ ቁጥሩን፣ ቅጠሉን፣ ከቅጠሉም ፊቱን ወይም ጀርባውን እንዲያሰፍር ጸሐፊውን ጠየቅሁት። የቅጠል ቁጥር ያልያዘባቸው ሁለት ቦታዎች ተገኙ፤ ዋናውን ሳያይ ከሌላ ሰው መጽሐፍ ቀድቷቸው ነበር። እነዚያን «በእገሌ መጽሐፍ እንደተጠቀሰው» ብለን ጻፍናቸው።

የቃል መረጃም እንዲሁ ነው። የሽማግሌ ስምና ዓመት በቅንፍ ሲቀመጥ የታተመ ጽሑፍ ይመስላል። በማስታወሻ ግን ማን፣ የት ቀበሌ፣ በምን ቀን እንደተናገረ ይገባል። ቀኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «1962 ዓ.ም.» ኅዳር ከሆነ 1969 እ.ኤ.አ.፣ የካቲት ከሆነ 1970 ነው። ወሩ ካልተጻፈ መለወጥ ስለማይቻል ዓመቱን በተጻፈበት አቆጣጠር ትቼ «ዓ.ም.» ብቻ አከልሁበት።

ሙሉውንና አጭሩን ጥቅስ የለየሁት በመጨረሻ ነው። ምዕራፎች ቦታ ሲለዋወጡ አጭሩ ከሙሉው ይቀድማልና። ቁጥሮቹንም በእጅ አልጻፍኩም፤ አንድ ማስታወሻ ሲጨመር የተከተሉት ሁሉ ይዛባሉ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ልጥቀስ። አንድ ጉልት ለደብሩ የተሰጠበትን ዘመን የሚናገር ሲሆን «በርካታ ምንጮች እንደሚያረጋግጡት» ብሎ ይጀምራል፤ በመጨረሻውም በአንድ ቅንፍ ክረሚ፣ ጊዲና አንድ ሽማግሌ ተደርድረዋል። ሦስቱን ወደ አንድ ማስታወሻ አምጥቼ እያንዳንዳቸውን በዝርዝር ስጽፍ፣ ክረሚ በዚያ ገጽ የተደገፈው በዚያው ዜና መዋዕል ሆኖ አገኘሁት። ሽማግሌውም ያወቁት አንድ መምህር ከመጽሐፍ ካነበበላቸው እንደሆነ በቃለ መጠይቁ ደብተር ተጽፏል። ሦስት ምስክር የመሰለን አንድ ነበር። ጸሐፊው ትንሽ ዝም አለና «በርካታ ምንጮች» የሚለውን ሰርዞ «ዜና መዋዕሉ እንደሚለው» ብሎ ጻፈ።