የብልት ቁስል በዓይን አይለይም፦ በቶሮንቶ ናሙና ለምን በመጀመሪያው ቀን መወሰድ አለበት?

በብልት ላይ የወጣ ቁስል አይቶ ስም መስጠት ቀላል ይመስላል። የሚያመውና ውኃ የቋጠረው ሄርፒስ፣ የማያመውና ጠርዙ የጠነከረው ቂጥኝ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ በሽታዎቹ ሁልጊዜ ይህን ሥርዓት አይከተሉም። የሄርፒስ ብጉር ከፈነዳ በኋላ ተራ ቁስል ሊመስል ይችላል። የቂጥኝ ቁስልም ከአንድ በላይ ሊሆን፣ ሊያምም ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ወዲህ በቶሮንቶ የታየው ኤምፖክስም ተመሳሳይ ቁስል ያወጣል። መድኃኒት ያስከተለው አለርጂ ወይም መፋተግም እንዲሁ ሊያቆስል ይችላል።

ግምት የሚያስከትለውን ጉዳት ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በዳንፎርዝ አካባቢ የሚኖር አንድ ባለትዳር ብልቱ ላይ ቁስል አየ እንበል። ሐኪም ዘንድ መሄድ አፍሮ፣ «ሄርፒስ ነው» ያለው ጓደኛው የሰጠውን ክኒን ዋጠ። ቁስሉ በአንድ ወር ውስጥ ጠፋ፤ ሰውየውም ክኒኑ እንደፈወሰው አመነ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ባይታከምም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል። የዳነው ቁስሉ እንጂ በሽታው አይደለም። ከሳምንታት በኋላ በመዳፉና በውስጥ እግሩ ላይ የማያሳክክ ሽፍታ ወጣ፤ እርሱም ጠፋ። በዚህ መካከል በሽታው ወደ ነፍሰ ጡር ባለቤቱ፣ ከእርሷም ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው በጡንቻ የሚሰጥ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ለመጀመሪያ ደረጃ ቂጥኝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል። የሄርፒስ ክኒን በቂጥኝ ላይ ምንም ኃይል የለውም።

ምርመራው ሁለት ናሙና ይፈልጋል። የመጀመሪያው ከቁስሉ ላይ በጥጥ የሚወሰድ ፈሳሽ ሲሆን፣ በፒሲአር የሄርፒስ ቫይረስና የቂጥኝ ተህዋስ ይፈለግበታል። ቁስሉ ትኩስ ሳለ ካልተወሰደ፣ ቅርፊት ከያዘ በኋላ ቫይረሱን የማግኘት ዕድል ይቀንሳል። ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው፤ በዚያው ደም ኤችአይቪም ሊታይ ይገባል። ደሙም ቢሆን ወሰን አለው። ቁስሉ በወጣባቸው የመጀመሪያ ቀናት የቂጥኝ የደም ውጤት «የለም» ሊል ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ለሄርፒስ የሚደረግ የደም ምርመራ ደግሞ ሰውነት ቫይረሱን መቼም ቢሆን እንዳገኘው ያሳያል እንጂ የዛሬውን ቁስል ማን እንዳመጣው አይናገርም።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ቁስልን በምልክቱ ማከም የቆየ አሠራር ነው፤ ብዙ ሰዎችም ከዚያ ልምድ ጋር ወደ ካናዳ መጥተዋል። አሠራሩ ግን ከቤት ግምት የተለየ ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ባለሙያው ከምክንያቶቹ አንዱን አይመርጥም፤ ቂጥኝንና ሄርፒስን በአንድ ጊዜ የሚሸፍን መድኃኒት ይሰጣል። በግምት የሚታከም ሰው ግን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል። ላቦራቶሪ ባለባት ቶሮንቶ ይህን አደጋ መሸከም ምክንያት የለውም። ምርመራ ማለትም ሕክምናን ማዘግየት ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ቂጥኝን አጥብቆ ከጠረጠረ ናሙናውን ወስዶ በዚያው ቀን መርፌውን ሊሰጥ ይችላል።

የሚቀረው እንቅፋት ሐሜትን መፍራት ነው። ቂጥኝ በኦንታሪዮ ሕግ ለሕዝብ ጤና ቢሮ የሚነገር በሽታ በመሆኑ፣ ብዙዎች ስማቸው ወደ ማኅበረሰቡ የሚወጣ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የሕዝብ ጤና ነርስ ለፍቅር ጓደኛ ወይም ለትዳር አጋር «ለበሽታው ተጋልጠው ሊሆን ይችላል» ብላ ስትነግር የታማሚውን ስም አትገልጽም። የቶሮንቶ የሕዝብ ጤና ክሊኒኮችም የአባላዘር ምርመራና ሕክምና የጤና ካርድ ሳይጠይቁ በነፃ ይሰጣሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር መደረግ አለበት። በብልት ቁስል የመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ከቁስሉም ከደሙም ናሙና ይወሰድለት። የደም ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ጥርጣሬው ካልተወገደ የድጋሚ ቀጠሮ ተይዞለት ይሂድ። የምስጢር አጠባበቁ ሕግም በአማርኛ ተጽፎ በክሊኒኩ በር ላይ ይለጠፍ፤ ቁስሉ ከመድረቁ በፊት ሰውየው በሩን እንዲያንኳኳ የሚያደርገው ይህ ነውና።