በሰቆጣ ለሠራተኛ የሚሰጥ ቤትና ተሽከርካሪ በግብር ዓይን

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል፤ የ35 በመቶው ምጣኔም ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ ብቻ እንዲጣል ደንግጓል። አዲሱን ሠንጠረዥ በደመወዝ መዝገብ ላይ መተካት አያስቸግርም። የሰው ሀብት ባለሙያውን የሚፈትነው በመዝገቡ ላይ የማይታየው ክፍያ ነው።

ከሌላ አካባቢ ለሚመጣ ባለሙያ ሰቆጣ ላይ ቤት የሚከራይ፣ መኪና የሚመድብ መሥሪያ ቤት፣ ገንዘቡ በሠራተኛው እጅ ስላልገባ ግብር የለበትም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 በዓይነት የሚሰጥ ጥቅም በብር ተተምኖ ከደመወዝ ጋር እንዲደመር ያዛል።

የቤቱ ዋጋ አሠሪው የሚከፍለው ኪራይ ነው። ቤቱ የራሱ የአሠሪው ከሆነ ደግሞ በአካባቢው ገበያ ሊያስገኝ የሚችለው ኪራይ ይወሰዳል። የተሽከርካሪው ስሌት ለየት ይላል፤ የመግዣው ዋጋ በ5 በመቶ ተባዝቶ ለ12 ይካፈላል። መኪናው ለሥራም የሚያገለግል ከሆነ የሥራው ድርሻ ይቀነሳል። ወደ ዝቋላ ወይም አበርገሌ የተደረገው ጉዞ በየዕለቱ በመኪናው የጉዞ መዝገብ ካልሰፈረ ግን ይህን ድርሻ ማስረዳት ከባድ ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ 12,000 ብር ነው እንበል። አሠሪው የቤት ኪራይ 3,000 ብር ይከፍልለታል፤ በ2,400,000 ብር የተገዛ መኪናም ሰጥቶታል፣ ግማሹ አገልግሎት የግል ነው። የመኪናው የወር ዋጋ 10,000፣ የግሉ ድርሻም 5,000 ብር ይሆናል። የደመወዙ ግብር ብቻውን 2,250 ብር ነው። ሁሉም ሲደመር ገቢው 20,000፣ ግብሩም 4,950 ብር ይደርሳል፤ ጭማሪው 2,700 ብር መሆኑ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ድንጋጌ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዓይነት ጥቅም ላይ የሚጣለው ግብር ከሠራተኛው ደመወዝ 10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ጭማሪው 1,200 ብር ላይ ይቆምና ጠቅላላው ተቀናሽ 3,450 ብር ይሆናል። ጣሪያውን ያልተገበረ ባለሙያ ከሠራተኛው በየወሩ 1,500 ብር ያለአግባብ ይቆርጣል።

ጣሪያው ግን የሚያገለግለው በዓይነት ለሚሰጥ ጥቅም ብቻ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት ወይም የኃላፊነት አበል እንደ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ይታሰባል። የትራንስፖርትና የበረሃ አበል በመመሪያ እስከተወሰነላቸው ልክ ነፃ ናቸው፤ ትርፉ ይቀረጣል። አበል ስሙ ስለተለወጠ ብቻ ነፃ አይሆንም።

ግብሩ ወሩ ባለቀ በ30 ቀናት ውስጥ ገቢ ይደረጋል። ሳይቀነስ ከቀረ ተጠያቂው ቀናሹ አሠሪ ነው።