ማህተም ሒሳብ አይደምርም

«ማህተም አለው» እያላችሁ በዋትሳፕ ለመጣ ፋክቱር የምትከፍሉ ወገኖቼ፣ ተው!

እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ለአንድ ዘመዴ የተላከውን ልንገራችሁ። 37 ካርቶን ሳሙና፣ የአንዱ ዋጋ 4,500 ፍራንክ፣ ጠቅላላ ድምር 186,500። ታክስም ማጓጓዣም አልተጻፈበትም። አባዙት፤ 166,500 ነው። 6ቱ 8 ተደርጓል። ምስሉን ስናጎላው 8ቱ ከጎኑ ካሉት አኃዞች ከፍ ብሏል፣ ዙሪያውም ከወረቀቱ ይልቅ ይነጣል።

ግን ዓይን ብቻ አይታመንም፤ ዋትሳፕ ምስሉን ስለሚያደበዝዘው ደህናውም ፋክቱር የተነካካ ይመስላል። የሚያዋጣው ሒሳቡ ነው። ከግርጌ በፈረንሳይኛ በቃል የተጻፈው ድምር «ሳን ሷሳንት ሲስ ሚል» ብሎ ይጀምራል፣ ማለትም 166 ሺህ። ፈረንሳይኛ አናውቅም ብለን የምናልፋት ያቺው መስመር! ከጎኗ ደግሞ 937 ዶላር ይላል። የጅቡቲ ፍራንክ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ የተቆረጠ ነውና 186,500 ቢሆን ኖሮ ወደ 1,049 ዶላር በሆነ ነበር።

ጎበዝ አጭበርባሪ ግን ሁሉንም መስመር ያስማማል። ስለዚህ ፋክቱሩ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ለሻጩ ደውሉ። «ይቀየማል» አትበሉኝ። ዘመዴ ሲደውል ሻጩ የጠየቀው 166,500 ብቻ ነበር፤ ፎቶውን ያስተላለፈው ደላላ ነው።