መብራት ሲጠፋ ለደንበኛው ምን ይነገረዋል?

አዲስ አበባ ተቀምጠው ለውጭ አገር ድርጅቶች በኢንተርኔት የሚሠሩ ተርጓሚዎች፣ ዲዛይነሮችና ፕሮግራመሮች የማይስማሙበት አንድ ጉዳይ አለ። መብራትና ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ ለደንበኛው ከመነሻው መንገር ይገባል ወይስ ችግሩን ዋጥ አድርጎ በራስ መንገድ መወጣት? ሁለቱንም ወገን በጥሞና ለሰማ ሰው አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሳት ቀላል አይደለም። ሁለቱም የሚናገሩት ከሥራው ውስጥ ሆነው ነው።

አይነገር የሚሉት ክርክራቸው እንዲህ ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ ሥራው በምን ሁኔታ እንደተሠራ የሠሪው ጣጣ ነው። ገና ሥራ ሳይጀመር ስለ መብራት ማውራት ደግሞ በሁለት እኩል አመልካቾች መካከል ለሚያመነታ ቀጣሪ ሌላውን እንዲመርጥ ምክንያት መስጠት ነው። ጉዳቱም በአንድ ሰው ላይ አይቆምም፤ «ከዚያ አገር የሚሠሩ ሰዎች አይደረስባቸውም» የሚል ግምት ከተፈጠረ ለሚቀጥለውም አመልካች ይተርፋል። ይህ ስጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ይህ አቋም ግን የሚቆመው መጠባበቂያ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠባበቂያው እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ ማስላት ያስፈልጋል። አንድ ላፕቶፕ በሥራ ላይ እያለ በአማካይ 45 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የፋይበር መቀበያውና ዋይፋዩ አንድ ላይ 15 ዋት ያህል እንያዝላቸው። በድምሩ 60 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልትና 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ባትሪው የሊድ አሲድ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባያወርዱት ይመረጣል፤ ኢንቨርተሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በእጅ የሚቀረው 500 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ ለስምንት ሰዓት ሥራ ይበቃል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊቲየም ባትሪ ወደ 15 ሰዓት ሊያደርስ ይችላል፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይወደዳል። የመኪና ባትሪ ገዝቶ መጠቀም ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ በቀስ እየተሟጠጠ እንዲሠራ የተሠራ ስላልሆነ እንዲህ ሲያገለግል ቶሎ ይደክማል።

ለብዙ ሰው ከዚህ ያነሰውም ሊበቃ ይችላል። የላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አራት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፣ የፋይበር መቀበያውንና ዋይፋዩን ብቻ የሚያቆይ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ የአንድ ምሽት መቋረጥን ያሻግራል። ከመግዛት በፊት ግን የሚጠፋው የቱ እንደሆነ መለየት ይጠቅማል። ዋይፋዩ ኃይል እያገኘ፣ በፋይበር መቀበያው ላይ LOS የሚለው ጠቋሚ ቀይ ከሆነ የተቋረጠው መስመሩ ነው፤ ያኔ ምንም ባትሪ አይረዳም። ለዚያ መፍትሔው የሞባይል ዳታ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 መስከረም መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ ሲም መያዝ ተችሏል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ሁለት ሲም ሁልጊዜ ሁለት መንገድ አይሆንም። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ የማማዎቹም ባትሪ የሚቆየው ለተወሰነ ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ የሁለተኛው ወገን ሐሳብ ክብደት ያገኛል። ይነገር የሚሉት መቋረጡ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ይላሉ። በ2011 ግንቦት የግቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ ፈረቃ በታወጀ ጊዜ፣ ችግሩ ቢከብድም መርሐ ግብር ስለነበረው ሥራን በዚያው ልክ ማደላደል ይቻል ነበር። ከትራንስፎርመርና ከስርጭት መስመር ብልሽት የሚመጣው ግን ቀጠሮ የለውም፤ አዲስ ግድብ ኃይል ቢጨምርም የሰፈሩን አሮጌ ሽቦ አይቀይርም። ከሁለቱም የከፋው ደግሞ በ2012 ሰኔ 23 የሆነው ነው። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ያኔ ባለ ኢንቨርተሩም ባለ ፓወር ባንኩም እኩል ከመስመር ውጭ ሆኑ። አስቀድሞ ምንም ያልተነገረው ደንበኛ ሦስት ሳምንት ምላሽ ሲያጣ ምን ሊያስብ ይችላል? ሥራውን ይዞ የጠፋ ሰው እንዳጋጠመው ቢቆጥር አይፈረድበትም።

ይሁንና «ሁሉንም እንንገር» የሚለውም የራሱ ጉድለት አለው። «አገሬ ላይ መብራት ስለሚጠፋ ልዘገይ እችላለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ደንበኛው ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ለምን ያህል ጊዜ ነው መዘግየቱ? በምን ያውቃል? ማን ይነግረዋል? መልስ የሌለው ማስጠንቀቂያ ጭንቀቱን ከሠሪው ወደ ከፋዩ ያሻግራል እንጂ አይቀንሰውም። ደጋግሞ ሲነገር ደግሞ፣ ሳይፈለግም ቢሆን፣ ለወደፊት ስህተት ሁሉ ቀድሞ የተያዘ ይቅርታ ይመስላል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። ለኒውዮርክ የትርጉም ድርጅት የምትሠራ ተርጓሚ ማክሰኞ ማታ 6,000 ቃል ያለው የሆስፒታል የሕክምና ስምምነት ቅጽ ተቀበለች እንበል። የማስረከቢያው ሰዓት ዓርብ በኒውዮርክ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ነው። በበጋ ሰዓታቸው ይህ ለአዲስ አበባ ዓርብ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ሌሊት 6 ሰዓት ይሆናል፤ በክረምት ሰዓታቸው አንድ ሰዓት ይገፋል። በቀን 2,000 ቃል ብትሠራ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሦስት ቀን ይበቃታል። ችግሩ ይህ ስሌት ለአንድም መጥፎ ምሽት ቦታ የለውም።

መጀመሪያ የምታደርገው ፋይሉን፣ የቃላት ዝርዝሩን፣ የቀድሞ ትርጉሞችንና ፎንቶቹን ሁሉ ማክሰኞውኑ ማታ ኮምፒውተሯ ላይ ማውረድ ነው። ድርጅቱ በብራውዘር ብቻ የሚሠራ የትርጉም መሣሪያ የሚጠቀም ከሆነ፣ በትራዶስ ወይም በኦሜጋቲ ያለ ኢንተርኔት ሊከፈት የሚችል ፋይል እንዲልኩላት ትጠይቃለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚስተው ማረጋገጡን ነው። ጎግል ዶክስ እንኳ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የሚፈቅደው ቅንብር ቀድሞ መብራት አለበት፤ ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ አይበራም። ስለዚህ ዋይፋዩንም የሞባይል ዳታውንም አጥፍታ ለአሥር ደቂቃ ትሥራ፤ የማይከፈተው ነገር ያኔውኑ ይታወቃል፣ ለማስተካከልም ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ለድርጅቱ የምትልከው መልእክት ነው። እኔ የማደላው በመልእክቱ ስለ መብራት ጥቂት፣ ስለ ርክክቡ ብዙ እንዲነገር ነው። ለምሳሌ፦ «ረቡዕ ማታ የመጀመሪያውን ሲሶ በረቂቅነት እልካለሁ፤ ሐሙስ ማታ ሁለተኛውን። ዓርብ በእናንተ እኩለ ቀን ሙሉውን ታርሞ ታገኛላችሁ። የምሠራበት ከተማ ኔትወርክ አንዳንዴ ስለሚቋረጥ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ የሚያዘገየኝ ነገር ካለ አስቀድሜ አሳውቃለሁ።» ደንበኛው ሰዓት፣ መጠንና ወሰን ያገኛል። የሦስት ሰዓት መቋረጥ በባትሪና በሞባይል ዳታ ስለሚታለፍ ለእሱ መንገር አያስፈልግም፤ በዚህ ዝም በሉ የሚሉት ትክክል ናቸው። ከስድስት ሰዓት የሚያልፈው መዘግየት ግን የእሱንም ዕቅድ ስለሚነካ ማወቅ መብቱ ነው፤ በዚህ ደግሞ ተናገሩ የሚሉት ትክክል ናቸው።

በየቀኑ ከፋፍሎ መላክ ዋጋ አለው፤ ኔትወርክ ቢዘጋ እንኳ የጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ይሆናል፣ ድርጅቱም የቀረውን ለሌላ ተርጓሚ መስጠት ይችላል። ጉዳትም አለው። ረቡዕ የተመረጠ የሕክምና ቃል ዓርብ በእርማት ሊቀየር ይችላል፤ ሆስፒታሉ የመጀመሪያውን ክፍል ቀድሞ አትሞት ከሆነ ሁለት ስያሜ ያለው ቅጽ በበሽተኛ እጅ ይገባል። ለዚህ ነው የፋይሉ ስም ላይ ረቂቅ መሆኑ መጻፍ ያለበት።

ለረጅሙ መዘጋት የቀረው ከአገር ውጭ ያለ ሰው ነው። በ2012ቱ መዘጋት የስልክ ጥሪ ይሠራ ስለነበር፣ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለች እህት ተደውሎላት ሁለት መስመር ኢሜይል ለደንበኛው ልትልክ ትችላለች። ይህን የሚቃወሙ የምስጢር ውልን ያነሳሉ፣ ተገቢም ነው። ስለዚህ እሷ የደንበኛውን አድራሻና የማስረከቢያውን ቀን እንጂ ፋይሉንና ይዘቱን መያዝ የለባትም፤ ደንበኛውም ስሟን ቀድሞ ሊያውቀው ይገባል፤ አለዚያ የማያውቀው ሰው የላከው ኢሜይል ማጭበርበር ሊመስለው ይችላል።

ይህ መካከለኛ መንገድ ለፋይል ሥራ ይሠራል፤ ለቀጥታ ሥራ ግን ብዙ አይሆንም። በስልክ ለሐኪምና ለበሽተኛ የሚያስተረጉም ሰው አስቀድሞ የሚያወርደው ነገር የለውም፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን እየተናገረ መስመሩ ቢቋረጥ ጉዳቱ በበሽተኛው ላይ ነው። እዚያ ዝምታውን መደገፍ ይከብደኛል። አስተርጓሚው ጥሪ የሚቀበለው ባትሪው ሙሉ፣ ሁለተኛው ሲም በስልኩ ውስጥ ዝግጁ ሆኖ ሲጠብቅ ብቻ ቢሆን፣ የሰፈሩ መብራት በብዛት በሚጠፋባቸው ሰዓታት ደግሞ ከመርሐ ግብሩ ራሱን ቢያወጣ ይሻላል። ገቢው ይቀንሳል። ቀጣሪው ምክንያቱን ከጠየቀም እነዚያን ሰዓታት በግልጽ መናገር አለበት።