አዲሱ ፋይል ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም

የአንድን ጨዋታ ፋይል በክላውድ እያስቀመጠ በሁለት ኮምፒውተሮች የሚጫወት ሰው፣ ቅዳሜ ዕለት ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቤቱ ለ6 ሰዓታት ተጫወተ እንበል፤ ፋይሉ ወደ ክላውድ አልደረሰም። እሑድ በላፕቶፑ የዓርቡን ፋይል ለ5 ደቂቃ ቢከፍት፣ ጨዋታው በራሱ አስቀምጦ ይልከዋል። ሰኞ የቤቱን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ሲያገናኝ ሁለት ቀኖች ቀርበውለት ምረጥ ይባላል፤ አዲሱን ከመረጠ የቅዳሜው ድካም ይደመሰሳል።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የተጫዋቹ ሳይሆን የጥያቄው ነው። ሰዓቱ ፋይሉ መቼ እንደተጻፈ እንጂ ከየትኛው ቅጂ እንደቀጠለ አይናገርም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠ የሚቆጥር መዝገብ ከፋይሉ ጋር ቢጓዝ ግን፣ ሁለቱም ከዓርቡ ቅጂ ተነሥተው መለያየታቸው ይታወቃል፤ ዘዴው ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥናት ጽሑፍ ይገኛል። የትኛው እንደሚበልጥ ግን ቆጠራው አይወስንም። ስለዚህ ሥርዓቱ ያልተመረጠውንም ቅጂ ሳይሰርዝ ሊያቆይ፣ ከቀኑም ጎን ጠቅላላውን የጨዋታ ሰዓት ሊያሳይ ይገባል።