ስልክ ስትገዙ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፣ ጊዜ ያላችሁ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

እኛ ስልክ ስንገዛ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። "ኢንቹ ስንት ነው? ባትሪው ስንት ነው?" አለቀ። እኔም አምና መቱ ወርጄ የአራት ወር ቁጠባዬን ያፈሰስኩት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። 6.5 ኢንች፣ 5000 ባትሪ። ሻጩ ልጅ "ቲቸር፣ ይሄ ሲኒማ ቤት ማለት ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሲኒማ ቤት ነው። ግን ሲኒማ ቤት በአንድ እጅ አይያዝም።

የቡሬን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚህ ዝናቡ ሲጀምር ቶሎ አይለቅም። አንድ እጅ ጃንጥላ ላይ ነው። እና በሌላኛው እጅ ያን ሰሌዳ የሚያህል ነገር ይዤ፣ አውራ ጣቴን ወደ ላይኛው ጥግ ስዘረጋ ስልኩ መዳፌ ላይ ይንሸራተታል። ላለመጣል ትንሿን ጣቴን ከስር እደግፋለሁ። ሙሉው ክብደት በአንዲት ትንሽ ጣት ላይ!

ክብደቱስ? አንድ ቀን ቡና የምሸምትበት ሱቅ ሚዛን ላይ እንደ ቀልድ አስቀመጥኩት። ስልኩ ብቻውን 205 ግራም ነው፤ ከነከቨሩና ከነመስታወቱ ግን ባለሱቁ ሩብ ኪሎ ከሚመዝንበት ብረት ጋር እኩል ቆመ። ባለሱቁ ሳቀብኝ። ሩብ ኪሎ ቡና በፌስታል አንጠልጥላችሁ ጆሯችሁ ላይ አንድ ሰዓት ያዙ ብትባሉ እሺ ትላላችሁ?

እኔ ግን ያዝኩ። አባቴ ጅማ ተኝቶ በታከመበት ጊዜ ወንድሜ ማታ ማታ ይደውልልኝ ነበር። አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ሐኪሙ ምን አለ፣ ምን በላ፣ ብር ከየት እናምጣ... ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቀኝ እጄ ትንሿና የቀለበት ጣቴ መደንዘዝ ጀመሩ። ጠዋት ጠመኔ ስይዝ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም ነበር። በቃ ደም ግፊት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ገና ሳትነካኝ "ስልክ የምታወራው በየትኛው እጅህ ነው?" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክርናችን ሲመታ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን ቦታ አለ አይደል? እዚያ ጋ የሚያልፈው ነርቭ ነው ወደ ትንሿና ወደ ቀለበት ጣት የሚወርደው። ክርን ሙሉ ለሙሉ ታጥፎ ሲቆይ ነርቩ ይወጠራል፣ ይጨመቃል። ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ካስደገፉ ደግሞ ባሰ። ከባድ ስልክ ሲሆን ሰው ደክሞት ክርኑን ማስደገፉ አይቀርም፣ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቢሆን የደነዘዘው ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ እሷም በዚህ ነው የለየችው። እጅ ቀይር፣ ባለገመድ ማዳመጫ ተጠቀም፣ ካልተሻለህ ተመለስ አለችኝ። በሦስት ሳምንት ገደማ ለቀቀኝ። የማይለቅ ወይም እጅ የሚያሰንፍ ከሆነ ግን ቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው ማስመሪያ ያነሳሁት። የሒሳብ አስተማሪ ምን ይሥራ!

መጀመሪያ ያወቅኩት ኢንች የሚባለው ነገር እጅን እንደማይመለከት ነው። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሰያፍ ነው። በፈረንጆቹ 2011 የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 5.3 ኢንች ብቻ ነበር፣ ጎኑ ግን 83 ሚሊ ሜትር። የኔው 6.5 ኢንች ሆኖ ጎኑ 76 ነው። እንዴት? ስክሪኖች እየረዘሙና እየጠበቡ ስለመጡ ነው። በፓይታጎረስ አስሉት፦ ቁመትና ጎኑ 20 ለ 9 የሆነ 6.5 ኢንች ስክሪን ወርዱ 68 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 16 ለ 10 የሆነው 5.3 ኢንች ደግሞ 71። ትንሽ የተባለው ይሰፋል ማለት ነው። ስለዚህ ለእጅ የሚጠየቀው ወርድ ነው።

ቀጥሎ ውፍረት። ሰው ቀጭን ስልክ ለእጅ ይመቻል ብሎ ያምናል። እጃችን ግን የሚያቅፈው ወርዱን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ጎን ጨምሮ ነው። የኔ 76 ሲደመር ሁለት ጊዜ 9፣ 94 ነው። ከቨሩ ከየጎኑ ሲጨምርበት 100 ያልፋል። በ2013 የወጣውን ኖኪያ 105 አስቡት፦ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ከኔው በጣም ይወፍራል። ግን ወርዱ 45 ስለሆነ ድምሩ 73 ነው። ክብደቱ 70 ግራም። እናቴ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣው ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። የኔን ስልክ መቀነት ውስጥ ብትከት ወገቧ ይጎብጣል። (የሴቶች ልብስ ኪስ ለምን እንደማይሰፋለት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ኪስ ካልን አይቀር፣ የሱሪዬ ኪስ ከአፉ በታች ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ነው፤ ስልኩ 16 ተኩል። ስቆም ችግር የለም። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ ጉልበቴ ከፍ ይላል፣ ኪሱ ይጋደማል፣ ብቅ ያለው ጫፍ ስልኩን ይጎትተዋል። ወደ ጎሬ ስንሄድ አንድ ጉድጓድ ላይ የወደቀብኝ እንደዚያ ነው። ስክሪኑን ያስቀየርኩበትን ብር ባልናገር ይሻላል፣ ባለቤቴም ይህን ስለምታነብ።

"ታዲያ ትንሽ ስልክ ለምን አይሠሩም?" ትሉ ይሆናል። ሠርተው ነበር። አፕል በ2020 እና በ2021 አይፎን ሚኒ የሚባል፣ ወርዱ 64፣ ክብደቱ 140 ግራም አካባቢ የሆነ አወጣ። ገዢው ጥቂት ሆነና በ2022 አዲስ ሚኒ ሳይወጣ ቀረ። እንደኛ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፣ እሱም መብራት ነው። ሁለት ቀን መብራት ሲጠፋ ትልቅ ባትሪ ያለው ስልክ ነው የሚያተርፈን፤ ባትሪ ደግሞ ክብደት ነው። ይህን ስለማውቅ ትልቅ ስልክ የያዘን ሰው አልወቅስም። ቪዲዮ የሚያይ፣ ዓይኑ የደከመ፣ ፒዲኤፍ የሚያነብ ሰው ቢገዛ ደስ ይለኛል። ቁመናውንና ኪሱን ሳይለካ ከጎረቤቱ በግማሽ ኢንች ለመብለጥ የሚገዛው ላይ ነው ጥያቄዬ። ያ ሰው አምና እኔ ነበርኩ።

ስልኩን ሸጥኩት። አሁን ያለኝ ያገለገለ ነው፣ ወርዱ 70፣ ክብደቱ 150። ከመግዛቴ በፊት የስልኩን ልክ ከኢንተርኔት አይቼ በካርቶን ቆርጬ፣ ሁለት ሦስቱን አነባብሬ በፕላስተር አጣበቅኩና አንድ ቀን ኪሴ ይዤው ዋልኩ። ተማሪዎቼ "ቲቸር ምንድነው?" ሲሉኝ ስልኬ ነው አልኳቸው። ጃንጥላ ይዤ በአውራ ጣቴ የላይኛውን ጥግ ነካሁ። ባጃጅ ላይ ተቀመጥኩ፣ አልወጣም። ካርቶን ክብደቱን አይነግርም፤ ለሱ ሱቅ ሄጄ ትክክለኛውን ስልክ ጆሮዬ ላይ አሥር ደቂቃ ያዝኩ። ሻጩ "ማንን ነው የምታናግረው?" አለኝ።

ባትሪው ግን እስከ ማታ አይደርስም። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ፓወር ባንክ፣ ለረጅም ወሬ ደግሞ አንድ አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ከሁለተኛው ሲም ጋር አለ። ወንድሜ አሁንም ማታ ማታ ይደውላል፤ አባዬ ተሽሎት ቤት ገብቷል፣ የሚወራው ስለ ቡናው ነው።

የናንተስ ወርዱ ስንት ነው? ማስመሪያ አንሱና ለክታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ከነከቨሩ።