«ተስማምቻለሁ» ማለት እስከ ምን ድረስ ነው?

በኦንላይን ገበያ ዕቃ አዝዞ የተበላሸ የደረሰው ሰው አቤት ሲል የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደንቡ ላይ ተስማምተሃል»። የሚገርመው ይህን የሚለው ሻጩ ብቻ አለመሆኑ ነው። የዶርም ጓደኞቹም ይሉታል፣ ገዢው ራሱም አምኖ ዝም ይላል። ነገ ጋዜጠኛ እንሆናለን የምንለው እኛም ብንሆን ዜናውን «ደንበኛው ቀድሞ ባለማንበቡ…» ብለን የምንጽፈው ይመስለኛል። እኔ ግን መልሱ ግማሽ እውነት ነው ባይ ነኝ። ሕግ ለገዢው የሰጠውን አንድ ኩባንያ በደንቡ መልሶ ሊወስድበት የማይችልበት ቦታ አለ፤ ያንን ቦታ ለማግኘት ደግሞ ደንቡንና ሕጉን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠይቃል።

እናም አስቀመጥኩ። በግቢያችን ብዙ ተማሪ የሚጠቀምበትን የአንድ ገበያ የአጠቃቀም ደንብና የግላዊነት ፖሊሲ አሳትሜ አነበብኩ። ስሙን ትቼዋለሁ፤ የእነሱን ምላሽ ሳልጠይቅ ስም መጥራት እዚሁ የተማርነውን ሙያ መናድ ነውና። ሁለቱም ሰነዶች በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉ ናቸው። ነቀምቴ ላይ ሰው የሚገበያየው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው፤ ደንቡ ግን ከሁለቱ አንዱንም አያውቅም።

ይህ የቅሬታ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1686 አንዱ ተዋዋይ ለሁሉም ደንበኛ ብሎ አስቀድሞ ያዘጋጃቸውን የንግድ ሁኔታዎች ይመለከታል። ሌላው ወገን አውቋቸው ካልተቀበላቸው፣ ወይም የመንግሥት አካል ያወጣቸው ወይም ያጸደቃቸው ካልሆኑ፣ አያስገድዱትም ይላል። ልብ በሉ፣ ማወቅም መቀበልም ነው የሚለው። ቁልፉን የተጫነ ሰው «አላነበብኩም» ብሎ ብቻ ያመልጣል ማለቴ ግን አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስልክ የተሰጠ ስምምነትንም ስምምነት ነው ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ደንቡ ከክፍያ በፊት ፊት ለፊት ቀርቧል ወይስ ገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተቀብሯል የሚለው ነው። እኔ ባየሁት መተግበሪያ ላይ ደንቡን ሳይከፍቱ ከፍሎ መጨረስ ይቻላል። ጋዜጠኛ ከሆንክ ከክፍያው በፊት ያሉትን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንስተህ ማስቀመጥ ነው፤ ነገ ሊቀየሩ ይችላሉና።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ደንቡ ዕቃ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው «ዕቃው ከተላከበት ሰዓት ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አዲስ አበባ በሚገኘው ቢሮ በአካል ቀርቦ» ያመልክት ይላል። ለቦሌ ነዋሪ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ከእኛ አንጻር ግን እንየው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሰኞ ዕለት ስልክ ገዝቶ ከፈለ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስልኩ አውቶቡስ ላይ ተጫነ። መንገዱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምቦና በባኮ አድርጎ ማታ ነቀምቴ ገባ። ጓደኛዬ ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መናኸሪያ ሄዶ ሲረከብ 24 ሰዓቱ ካለቀ ሦስት ሰዓት ሆኖታል! ካርቶኑን ሳይከፍት መብቱ አለፈ ማለት ነው። ከፍቶ ሲያየው ስልኩ ቻርጅ አይቀበልም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንቀጽ 20 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትና ወይም ውል ካለ እሱ እንደተጠበቀ ነው። እንደ እኔ አረዳድ ይህ ማለት ኩባንያው 15ቱን ቀን 30 ማድረግ ይችላል፣ 24 ሰዓት ማድረግ ግን አይችልም። ሆኖም ሕጉም ለእኛ ሲሆን ይጎድለዋል። ቆጠራው ከግዢ ቀን ስለሚጀምር ዕቃው መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከእኛ ቀን ላይ ይቀነሳል። ለጓደኛዬ ሁለት ቀን ነው የተቀነሰበት፤ በ2012 ዓ.ም. ምዕራብ ኦሮሚያ ላይ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ግን ጉዳዩ የሁለት ቀን ብቻ አይደለም።

ኩባንያው አንድ ማምለጫ አለው። «እኛ ገዢና ሻጭን እናገናኛለን እንጂ ሻጭ አይደለንም» የሚል አንቀጽ አስገብቷል። ይህ ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ያገለገለ ስልኩን የሚሸጥ ግለሰብ ነጋዴ ስላልሆነ አዋጅ 813 እሱን አይነካውም፤ ያኔ የሚቀረን በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ክፍል መሟገት ነው። ስለዚህ ደንቡ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ትቶ ብሩ የት እንደገባ ማየት ይሻላል። የቴሌብር መልእክቱ ላይ የተቀባዩ ስም የማን ነው? ደረሰኙን የቆረጠው ማነው? ዋጋውንስ ማን ወሰነ? በጓደኛዬ ጉዳይ ገንዘቡን የተቀበለውም ደረሰኝ የሰጠውም ራሱ ገበያው ነበር። እንዲህ እያለ «እኔ የለሁበትም» ማለት መቼም ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

የግላዊነት ፖሊሲው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። መተግበሪያው ሲጫን ስልካችን ውስጥ የተመዘገቡትን የሰዎች ስምና ቁጥር ለማየት ይጠይቃል፤ ፖሊሲው መረጃውን «አገልግሎታችንን ለማሻሻልና ለአጋሮቻችን» እንጠቀምበታለን ይላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ፣ ለዚያ ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሆን ይፈልጋል። ስልክ ለመሸጥ የእናቴ ቁጥር ምን ያደርጋል? ደግሞ እኔ ተስማማሁ ብባል እንኳ እናቴ አልተስማማችም። ፈቃዱን ከስልኩ ማስተካከያ ገብቶ መንፈግና ግዢው አሁንም መሥራት አለመሥራቱን ማየት ይቻላል። ከሠራ መረጃው ለግዢው አያስፈልግም ነበር ማለት ነው፤ እኔ ሞክሬው ሠርቷል።

እንዲህ ያለው ንጽጽር የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ናይጄሪያ አሳይታለች። የሸማቾች ጥበቃ ኮሚሽኗ እ.ኤ.አ. በ2024 ሜታን በዋትስአፕ የግላዊነት ፖሊሲ ምክንያት 220 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል፤ የሸማቾች ሕግንና የዳታ ሕግን አንድ ላይ ይዞ ነው የሄደው።

የእኛ ችግር በር ማግኘቱ ላይ ነው። አዋጅ 813 አቤቱታ እንዲያይ ያቋቋመው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። የዳታው ጉዳይ ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። ጓደኛዬ አቤቱታውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ የቴሌብር መልእክቱን፣ ደረሰኙንና የመናኸሪያውን የዕቃ መረከቢያ ወረቀት አያይዟል። ይህን ስጽፍ ከ15ቱ ቀን ስድስቱ ቀርተውታል።